«አንብቤዋለሁ» ሳትሉ ማንበባችሁን የምታሳይ የመጀመሪያ መስመር

አፕዎርክ ላይ ሥራ የለጠፈ ሰው የላካችሁለትን ደብዳቤ ወዲያው ሙሉውን አያየውም። መጀመሪያ የሚያየው ዝርዝር ነው። ፎቶ፣ ስም፣ አገር፣ ዋጋ፣ ከሥሩ ደግሞ የደብዳቤያችሁ መጀመሪያ፣ ሁለት መስመር ያህል። የቀረውን ለማየት ከፍቶ መግባት አለበት። ማስታወቂያው ላይ «ከ20 እስከ 50 ፕሮፖዛል» የሚል ካያችሁ፣ ያ ሰው እንዲህ ያለ ቁራጭ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ያነባል ማለት ነው። ብዙዎቹ የሚጀምሩት ደግሞ በአንድ ዓይነት ቃል ነው፦ «ውድ ቀጣሪ፣ ማስታወቂያዎን በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ።»

ችግሩ ይሄንን ያላነበበውም ሰው ይለዋል። እንዲያውም አብዝቶ የሚለው እሱ ነው። ስለዚህ ሁለቷ መስመር ማንበባችሁን መናገር ሳይሆን ማሳየት አለባት። እንዴት እንደምትሠራ በአንድ ማስታወቂያ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንየው።

ማስታወቂያውን ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ዕቃ ወደ ኦንላይን ሱቅ ለማስገባት ሥራ አመልክቶ የሚያውቅ ሰው ግን መልኩን አያጣውም። በእውነተኛው ዓለም ማስታወቂያውም መልሱም በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። እዚህ በአማርኛ ያስቀመጥኩት ዓይናችን ቋንቋው ላይ ሳይሆን አሠራሩ ላይ እንዲያርፍ ነው።

የምርት ዝርዝር ወደ ሾፒፋይ የሚያስገባ ሰው እንፈልጋለን

«ሰላም። አሜሪካ ውስጥ ሻይና ቅመማ ቅመም የምንሸጥበት ሱቅ አለን። ከአቅራቢያችን በኤክሴል የመጣ 1,400 ረድፍ የምርት ዝርዝር አለ፤ ወደ ሾፒፋይ መግባት አለበት። መጠኖቹ የተደበላለቁ ናቸው፤ አንዱ በአውንስ፣ አንዱ በግራም። ባለፈው ዓመት ያሠራነው ልጅ ጎበዝ ነበር፤ ግን ካስገባቸው ዕቃዎች ግማሽ ያህሉን ሱቅ ውስጥ ስካን ስናደርግ ዕቃው የለም ይለናል። ለምን እንደሆነ አልገባንም። ፎቶዎቹን እኛው እንጭናለን። ሥራው እስከ ኖቬምበር 15 ማለቅ አለበት። ስታመለክቱ የምትወዱትን ሻይ ንገሩን።»

አንደኛ፦ ከታች ወደ ላይ አንብቡ

ማስታወቂያውን አንዴ እንደተለመደው አንብቡት። ከዚያ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቸኩሎ የሚያመለክት ሰው ርዕሱንና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይዞ ነው የሚሮጠው። «1,400» እና «ሾፒፋይ» የሚሉት ቃላት ሃያውም ደብዳቤ ውስጥ አሉ። ከታች ያለው ግን የሚደርስበት የለም።

ወደ ላይ ስትወጡ ሦስት ነገር ፈልጉ። ደንበኛው ያማረረበት፣ «አይገባንም» ያለበት፣ እና «ይሄን አታድርጉ» ያለበት። እዚህ ማስታወቂያ ላይ ሦስቱም አሉ። የሚያማርረው ዕቃው ስካን ሲደረግ የለም ስለሚለው ነው። አልገባንም ያለውም እሱኑ ነው። አታድርጉ ያለው ደግሞ ፎቶውን ነው፤ እንዲያው በለስላሳው አለው እንጂ። «ፎቶዎቹንም አሳምሬ እጭናለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ማስታወቂያውን አላነበበም፤ ደንበኛውም ይሄንን በአንድ ሰከንድ ያውቃል። ማንበባችሁ ባላችሁት ብቻ ሳይሆን በተዋችሁትም ይታያል።

ተያያዥ ፋይል ካለ ክፈቱት። ይሄንን የምለው ተቀጥቼበት ስለሆነ ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ሱቅ ዝርዝር ለምን እንደተበላሸ በመጀመሪያው መስመር ላይ በልበ ሙሉነት ነገርኳቸው። መልስ መጣልኝ፤ ደስ አለኝ። ከፍቼ ሳየው «እሱን ሞክረነው እንዳልሆነ አባሪው ላይ ጽፈናል» ይላል። ከዚያ በኋላ ምን ይባላል?

ስለ ሻዩም አንድ ነገር ልበል። ደንበኞች እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚሰገስጉት እስከ መጨረሻው ያነበበውን ለመለየት ነው። መመለስ ግዴታ ነው፤ ካልመለሳችሁ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ግን እሱ ብቻውን የሚያሳየው ዓይናችሁ መጨረሻው መስመር ላይ መድረሱን ነው። ሥራውን መረዳታችሁን አያሳይም። «በዚህ ቃል ጀምሩ» ካለ በቃሉ ጀምሩ። «ንገሩን» ብቻ ካለ ግን የመጀመሪያውን ቦታ አትስጡት፤ ጫፉ ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል።

ሁለተኛ፦ አንድ ዝርዝር ብቻ ምረጡ

ከማስታወቂያው ውስጥ ለመጀመሪያ መስመር የሚሆኑ ሦስት ዕጩዎች ወጡልኝ።

አንዱ የመጠኑ ነገር ነው። አውንስና ግራም መደባለቁ እውነተኛ ሥራ ነው። አንድ አውንስ 28.35 ግራም ነው፤ እንዴት እናጠጋጋው የሚለውን ደግሞ ደንበኛው ነው መወሰን ያለበት። ግን ደንበኛው ይሄን ችግር ያውቀዋል። ራሱ ነው የነገረን። «መጠኖቹ እንደተደበላለቁ አይቻለሁ፤ አስተካክላለሁ» ብንለው ያለውን መልሰን ነገርነው።

ሁለተኛው 1,400 የምትለዋ ቁጥር ናት። በደንብ አስተውሏት፤ 1,400 ምርት አይልም፣ 1,400 ረድፍ ነው የሚለው። አንድ ሻይ በ50 ግራምም በ100 ግራምም የሚሸጥ ከሆነ ኤክሴሉ ላይ ሁለት ረድፍ ነው። ሾፒፋይ ላይ ግን ደንበኛ መጠን የሚመርጥበት አንድ ገጽ ይሆናል። ስለዚህ እውነተኛው የምርት ቁጥር ከ1,400 ሊያንስ ይችላል፤ የሥራው መጠንም ዋጋውም በዚያው ይለወጣል። ይሄ ጥሩ ዕጩ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ካልሆነ አያነሳውም።

ሦስተኛው የስካኑ ነው። እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ደንበኛውን ያመዋል፣ ምክንያቱን አያውቅም፣ ማስታወቂያው ውስጥም መልሱን ለመገመት የሚበቃ ፍንጭ አለ። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ ሌላውን ተዉት። የረድፉን ነገር ለሁለተኛው አንቀጽ አስቀምጡት። ሁሉንም መጀመሪያ መስመር ላይ ለመጠቅጠቅ የሚሞክር ሰው መጨረሻ ላይ የሚያወጣው ያው የማስታወቂያውን ግልባጭ ነው።

ሦስተኛ፦ ከዝርዝሩ አንድ እርምጃ ወደፊት ሂዱ

ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ። ደንበኛው የጻፈውን መድገም ማንበብን አያሳይም። የሚያሳየው እሱ ከጻፈው ተነስታችሁ እሱ ያልጻፈው ነገር ላይ ስትደርሱ ነው። ለዚህ ብልጠት አያስፈልግም፤ ሥራውን ማወቅ ይበቃል። ጥያቄዋ አንድ ናት፦ «ይሄ እውነት ከሆነ፣ ሌላ ምን እውነት መሆን አለበት?»

እንሞክራት። ግማሽ ያህሉ ስካን ሲደረግ የለም ይላል። ግማሽ ነው፣ ሁሉም አይደለም። ስካነሩ ቢበላሽ ኖሮ አንዱንም አያገኝም ነበር፤ ስለዚህ ጥርጣሬዬ ከመሣሪያው ወደ ዝርዝሩ ዞረ። ሱቁ አሜሪካ ነው። እዚያ ሱቅ ውስጥ የምታዩት የተለመደው ባርኮድ 12 አኃዝ አለው። ብዙዎቹ ደግሞ በዜሮ ይጀምራሉ። ዝርዝሩ የመጣው በኤክሴል ነው። እዚህ ላይ ከኤክሴል ጋር የኖረ ሰው ፈገግ ይላል።

ኤክሴል ባርኮዱን እንደ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ቁጥር ነው የሚቆጥረው። ለቁጥር ደግሞ ፊት ላይ ያለ ዜሮ ትርጉም የለውም፤ ይጥለዋል። 12 አኃዝ የነበረው 11 ይሆናል። በዜሮ የማይጀምሩት ረጃጅሞቹ ደግሞ እንዲህ ሆነው ይታያሉ፦

```
1.23E+11
```

ይሄን ያየ ጎበዝ ልጅ ምን ያደርጋል? ዓምዱን መርጦ ያለ ነጥብ «ቁጥር» ያደርገዋል። ወዲያው ረጃጅሞቹ ሙሉ አኃዛቸው ይመለሳል። ዓምዱ ያማረ ይመስላል፣ ልጁም ሥራው አለቀ ብሎ ያስገባዋል። የጠፉት ዜሮዎች ግን አልተመለሱም። ሱቅ ውስጥ ስካነሩ ከማሸጊያው ላይ 12 አኃዝ ያነባል፤ ሾፒፋይ ውስጥ የተመዘገበው 11 ነው፤ አይገናኙም። «ዕቃው የለም» የሚለው ለዚህ ነው። ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆኑም በዚሁ ይፈታል፤ በዜሮ የሚጀምሩት ብቻ ናቸው የተጎዱት።

ይሄንን ሁሉ ደንበኛው አልነገረንም። «ግማሽ»፣ «ኤክሴል»፣ «አሜሪካ» እና «ዕቃው የለም» የሚሉትን ቃላት ብቻ ነው የሰጠን። ያገናኘናቸው እኛ ነን። ያላነበበ ሰው ይህችን መስመር ሊጽፋት አይችልም። ያነበበ ግን ሥራውን የማያውቅ ሰውም አይጽፋትም፤ ስለዚህ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

አራተኛ፦ ግምቱን በደንበኛው እጅ እንዲረጋገጥ አድርጉ

ፋይሉን ገና አላያችሁትም። ስለዚህ ያላችሁ ግምት ነው፤ ጠንካራ ግምት ቢሆንም። «ችግራችሁ ይሄ ነው» ብላችሁ ብትሳሳቱ ደብዳቤው እዚያው ያበቃል። «ሊሆን ይችላል፣ ምናልባት» ብላችሁ ብትሽኮረመሙ ደግሞ መስመሯ ትሟሽሻለች። መውጫው «ከሆነ» የምትለው ቃል ናት። ቅድመ ሁኔታ አስቀምጡና ደንበኛው በግማሽ ደቂቃ ራሱ እንዲያጣራው ስጡት።

መስመሯ እንግዲህ ይህችን መሰለች፦

«የማይገኙት ዕቃዎች ባርኮዳቸው ሾፒፋይ ውስጥ 11 አኃዝ ከሆነ፣ ኤክሴል የፊቱን ዜሮ በልቶባቸዋል፤ አንዱን ከፍታችሁ ቁጠሩት። (ሻዬ ቀረፋና ቅርንፉድ ያለበት ነው።)»

ገጣጥመን እንያት። «የማይገኙት ዕቃዎች» ከማስታወቂያው የተወሰደው ዝርዝር ነው። ከርዕሱ ሳይሆን ከመሐሉ፣ ከቅሬታው። «11 አኃዝ ከሆነ፣ ኤክሴል የፊቱን ዜሮ በልቶባቸዋል» ወደፊት የተሄደችው እርምጃ ናት። «ቁጠሩት» የሚለው ማጣሪያው ነው። ይህቺ ሦስተኛዋ ክፍል በደብዳቤዎች ውስጥ እምብዛም አትገኝም፤ ከሁሉም በላይ የምትሠራው ግን እሷ ናት። ደንበኛው ስልኩን አንስቶ አንድ ዕቃ ይከፍታል፤ ይቆጥራል፤ አሥራ አንድ። ከዚያ በኋላ ሌላውን ደብዳቤ የሚያነበው እናንተን በልቡ ይዞ ነው።

ሌላም የማትታይ ነገር አለች። ጥፋተኛው ኤክሴል ነው፣ ያለፈው ዓመት ልጅ አይደለም። ደንበኛው «ጎበዝ ነበር» ብሎ ጽፏል። «በፊት የሠራው ሰው አበላሽቶባችኋል» ብላችሁ ብትጀምሩ፣ መርጦ የቀጠረውን ደንበኛ አብራችሁ ሰደባችሁት። ይሄንንም የሚያውቀው ያነበበ ሰው ነው።

ሰላምታ የታለ ብላችኋል መቼም። ለእኛ ሰው ያለ ሰላምታ መጀመር ይከብዳል፤ በር ሳያንኳኩ እንደ መግባት ነው። ነገር ግን ዝርዝሩ ላይ የምትታየው ቦታ ጠባብ ናት፤ «ውድ ቀጣሪ፣ እንደምን አሉ» ግማሿን ይበላታል። ካስጨነቃችሁ «ሰላም፣» በቂ ነው። ስሙ ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈ በስሙ ጥሩት። ከድሮ ፍሪላንሰሮች አስተያየት ውስጥ ስሙን ፈልቅቀው የሚጠሩም አሉ። እኔ አልወደውም። ያልነገራችሁን ስም ስትጠሩት ማስታወቂያውን ሳይሆን እሱን የሰለላችሁ ይመስላል።

አምስተኛ፦ ከመላካችሁ በፊት ሁለት ፈተና

የመጀመሪያው ፈተና መስመሯን ከቦታዋ ማንሳት ነው። ያው ፍለጋ ያወጣላችሁን ሌላ የሾፒፋይ ማስታወቂያ ክፈቱና መስመራችሁን ከሥሩ አድርጋችሁ አንብቧት። እዚያም ከሠራች የትም የምትሄድ መስመር ናት፤ ጣሏት። «ለብዙ ሱቆች የምርት ዝርዝር አስገብቻለሁ» የትም ትሠራለች። የባርኮዷ ግን ሌላ ማስታወቂያ ሥር ስትቀመጥ ግራ ታጋባለች። መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።

ሁለተኛው የርዝመት ፈተና ነው። በእንግሊዝኛ ከጻፋችኋት በኋላ ስልካችሁ ላይ ለራሳችሁ መልእክት አድርጋችሁ ላኳት። ዋናው ነገር፣ እዚህ «11 አኃዝ» የሚለው፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ውጪ ከወደቀ አሳጥሯት። ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው መግቢያው ነው፦ «ማስታወቂያችሁን ሳነብ ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር...» የሚለው። ቁረጡት፤ የሚጎድል ነገር የለም።

ከመስመሯ በኋላ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ያንኑ ክር መቀጠል አለበት። በባርኮድ ከጀመራችሁ በኋላ «ስሜ እገሌ ይባላል፣ የአምስት ዓመት ልምድ አለኝ» ብትሉ ደንበኛው የመጀመሪያዋን መስመር ከሌላ ሰው የተቀዳች ያደርጋታል። ይልቅ እንዲህ ቀጥሉ፦ «አዲሱን ዝርዝር ሳስገባ የባርኮዱን ዓምድ ከመጀመሪያው እንደ ጽሑፍ እከፍተዋለሁ፤ የአምናዎቹንም በዚያው ወደ 12 አኃዝ እመልሳለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ 1,400ው ረድፍ ውስጥ ያው ሻይ በተለያየ መጠን ተደጋግሟል ወይስ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ምርት ነው?» አሁን የረድፉ ዕጩ ቦታውን አገኘ። ደንበኛው ደግሞ በአጭሩ መልስ የሚሰጥበት ነገር አገኘ።

ግምቱ ሲስት

ይስታል። ደንበኛው ቆጥሮ 12 ሊያገኝ ይችላል። አንዳንድ ስካነር 12 አኃዙን ሲያነብ ፊቱ ላይ ዜሮ ጨምሮ 13 አድርጎ ይልካል፤ ሱቁ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ግማሾቹ በ13 አኃዝ የተመዘገቡ ከሆኑ ያው ግማሽ ግማሽ ምልክት ይመጣል። እንዲህ ከሆነ «ከሆነ» ያላችሁት ቃል ያድናችኋል። «12 ነው እኮ» ብሎ ከጻፈላችሁ አልተሸነፋችሁም፤ ወሬ ተጀምሯል። «እንግዲያው ስካነሩ የሚልከውን አኃዝ ባዶ ኖትፓድ ላይ ስካን አድርጋችሁ ቁጠሩልኝ» ትሉታላችሁ።

የማይሠራበት ሁኔታም አለ። ስለ ሥራው የማታውቁት ነገር ላይ እርምጃ ወደፊት መሄድ አይቻልም። ከማስታወቂያው ዝርዝር ተነስታችሁ አሥር ደቂቃ አስባችሁ ምንም ካልመጣላችሁ፣ ምናልባት ሥራው የእናንተ አይደለም። አፕዎርክ ላይ ለማመልከት የሚከፈለው አንድ ኮኔክት 15 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ አንድ ፕሮፖዛል ደግሞ ብዙ ኮኔክት ይበላል። ይሄንን በጊዜ ማወቅ ራሱ ገንዘብ ነው።

ማስታወቂያው ሁለት መስመር ብቻ ሲሆን

«ሾፒፋይ የሚችል ሰው እንፈልጋለን። ዝርዝሩን በውስጥ እንነጋገራለን።» በቃ፣ ይኸው ነው። የሚነበብ ነገር ስለሌለ ማንበብን ማሳየት አይቻልም። እዚህ ላይ ዝርዝር ፈጥሮ መገመት ስህተት ነው። መጀመሪያ ደንበኛው ከዚህ በፊት ያሠራቸውን ሥራዎች ርዕስ እዩ፤ ገጹ ታች ላይ አሉ። ባለፉት ወራት ሁለት ጊዜ የምርት ዝርዝር ካሠራ፣ ሦስተኛውም ያው ሊሆን ይችላል። ከዚያ መንገዱን ለሁለት የሚከፍል አንድ ጥያቄ ጻፉ፦

«ምርቶቹ ሾፒፋይ ውስጥ ገብተው ማስተካከል ነው የሚቀረው ወይስ ገና ከኤክሴል ወይም ከሌላ ሱቅ መምጣት አለባቸው? የመጀመሪያው ከሆነ ዛሬ ልጀምር እችላለሁ፤ ሁለተኛው ከሆነ መጀመሪያ የ20 ረድፍ ናሙና ልይ።»